ቀኑን ቤት የሚውለው ማን ነው?

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል፣ ከኮተቤ እስከ አያትና ሰሚት ድረስ ባለው አካባቢ የኪራይ ቤት አፈላልጋለሁ፤ ሥራዬ ድለላ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ በእግሩ መሄድ የማይችል ልጅ፣ አባት ወይም እናት ይዛችሁ ቤት ለምትፈልጉ ነው። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቤት ስናፈላልግ ብዙ ደክመናል፤ ተስፋ የቆረጥንበትም ጊዜ ነበር። ያንን ድካም ሌላው እንዳይደግመው ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ስማቸውንና ማንነታቸውን የሚያስታውቀውን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

መጀመሪያ የደወለልኝ አባትየው ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጅቡቲን መስመር ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የሚፈልገውን ባጭሩ ነገረኝ፦ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሰሚት ወይም አያት፣ ፊኒሺንጉ ጥሩ የሆነ፣ ውሃ የማያስቸግር። ስንት ሰው እንደሆኑ ስጠይቀው «እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች» አለኝ። የሚኖሩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚለቁትም «ስለጠበበን» ነው አለ። ደላላ በስልክ የሚሰማው ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የመኝታ ብዛት፣ ሰፈርና ብር። በዚህ ብቻ ተነስቶ ቤት ማሳየት ይቻላል። ውልም ይፈረማል።

ሰሚት ላይ እንዳለው ዓይነት ሦስት መኝታ ነበረኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኪችን ካቢኔቱ አዲስ፣ በረንዳው ላይ ሮቶ የተቀመጠለት ቤት። ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። እሱ ክፍሎቹን እየዞረ ቧንቧ ከፈተ፣ መስኮት ገፋ፣ ወደደው። እሷ ግን ሳሎኑንም ካቢኔቱንም ብዙ አላየችም። ደረጃውን ስንወጣ በየማረፊያው ቆም እያለች ወደ ታች ትመለከት ነበር። ቤት ከገባን በኋላ ከትልቁ መኝታ ቤት በር ላይ ነጠላዋን ከመቃን እስከ መቃን ዘረጋችው። ጥለቱ ላይ ቋጠሮ ነበረው። ቋጠሮው ከመቃኑ ውስጥ መዋሉን አየችና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደች። እዚያም ዘረጋችው። ቋጠሮው ከመቃኑ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። ነጠላዋን ሰብስባ ለበሰችና ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም።

«የምን ልክ ነው እህቴ?» አልኳት።

አባትየው ቀደም ብሎ «የፍሪጅ ነው» አለኝ።

ፍሪጅ ግን መታጠቢያ ቤት አይገባም። ያኔ ያልተነገረኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። አባትየው በበኩሉ ቀብድ ሊከፍል ስልኩን አውጥቷል፤ በማግስቱ ለሥራ ስለሚወጣ ጉዳዩን ጨርሶ መሄድ ፈልጓል። እኔ ደግሞ የሚከፈለኝ ውል ሲፈረም ነው። ቢሆንም አንድ ቀን እንዲያስቡበት ጠየቅኋቸው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ይህ ለተከራይ ትልቅ ከለላ ነው፤ በየጊዜው «ልቀቅ» ከመባል ይጠብቀዋል። ነገር ግን የማይሆን ቤት ላይ የተፈረመ ውልም ቢሆን ሁለት ዓመት ታስቦ የተፈረመ ነው። ዕቃ ማጓጓዣው፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ መጋረጃው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቤቱ እንደማይሆን ማወቅ እንደነሱ ላለ ቤተሰብ ከባድ ኪሳራ ነው።

ከወረድን በኋላ አባትየው መኪና ሊያመጣ ሄደ። እሷና እኔ ከሱቁ ጥላ ሥር ቆምን። ስለ ነጠላው ደግሜ መጠየቅ አልፈለግኩም። ሌላ ነገር ጠየቅኋት፤ «እህቴ፣ ቀኑን ቤት የሚውለው ማን ነው?»

ትንሽ ቆይታ «እኔና ትልቁ ልጄ» አለችኝ።

«ትምህርት ቤት አይሄድም?»

«አይራመድም።»

ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ይህ ነው። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ብለውታል። ሁሉን ይሰማል፣ ይገባዋል፤ ንግግሩ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሕፃን ሳለ አዝላው ትወጣ ትወርድ ነበር። አሁን ሠላሳ ኪሎ ደርሷል። ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ አዝላው ሳለ ወገቧን አመማት፤ ሐኪም ዲስኩ ተንሸራቷል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ አላት። ዊልቸር በእርዳታ ተሰጥቷቸዋል፤ ግን መታጠቢያ ቤቱ በር አያስገባውም፣ ደረጃውንም አይወርድም። ስለዚህ ታጥፎ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ልጁም ውሎው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ሆነ። «ጠበበን» ያሉት ይህንን ነው። የነጠላው ቋጠሮ የዊልቸሩ ስፋት ነበር።

ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃት በግልጽ መለሰችልኝ። ከዚያ በፊት በስልክ ተስማምተው ሄደው ልጁን ሲያዩ «ቤቱ ተይዟል» ያሏቸው አከራዮች ነበሩ። አንዷ አከራይ እንዲያውም ሌሎች ተከራዮች ይፈራሉ ብላቸዋለች። ልጁም አብሯቸው ነበር፤ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ውል እስኪፈረም ስለ እሱ ላለማንሳት ተማምለው ነው የሚፈልጉት።

እንደነሱ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን ማድረጋችሁ ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ግን አይጠቅማችሁም። ደላላው ካላወቀ የሚያሳያችሁ ቤት ሁሉ ለሌላ ሰው የሚሆን ነው። አከራዩ ደግሞ ማወቁ አይቀርም፤ ዕቃ ካስገባችሁ በኋላ ቢያኮርፍ አንድ ግቢ ውስጥ እየተያዩ መኖር ይከብዳል። የሚሻለው ይህ ነው፦ ለደላላው ሁሉንም ንገሩት፤ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ለአከራዩ በስልክ እንዲነግርላችሁ አድርጉ። እምቢ የሚል ሰው ለደላላው እምቢ ይበል። ልጁ ፊት አይባልም፣ እናንተም የታክሲ አትከፍሉም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ አደረግኩ። እምቢ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አንዱም እነሱ ጆሮ አልደረሰም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየውን የጠየቅኋት ምን ዓይነት ቤት እንደምትፈልግ አልነበረም፤ ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርገውን በቅደም ተከተል እንድትነግረኝ ነው። ጠዋት ከፍራሹ አንስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ትወስደዋለች። የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣ ታጥበዋለች፤ ለአንድ ጊዜ ሁለት ጀሪካን ውሃ ያልቃል፤ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኑን ከታች የምታወጣበት ቀን አለ። መልሳ ፍራሹ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቁርስ አብልታው ወጥ ስትሠራ ኪችኑ ከሳሎኑ ስለማይታይ በየጊዜው እየተመለሰች ታየዋለች። ፊዚዮቴራፒ ያለበት ቀን ጎረቤት ለምና ለሁለት ያወርዱታል፤ ጎረቤት ከሌለ ይቀራል። ፀሐይ ማግኘት ካቆመ ቆይቷል።

ይህን ስትነግረኝ የሚያስፈልጋቸው ቤት ራሱ ከንግግሯ ወጣ። አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ውጭው፣ ሦስቱ መካከል ማንም ሳያነሳው ዊልቸሩ መሄድ አለበት። ውሃ የሚቀመጥበት ከሚታጠብበት አጠገብ መሆን አለበት። ምግብ ስትሠራ ልታየው ይገባል። መኪና በሩ ድረስ መምጣት አለበት። ከእነዚህ አንዱም በስልክ አልተነገረኝም። በስልክ የተነገረኝ የሦስት መኝታ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ውስጥ አልነበረም። አባትየው ክፍል ሲበዛ ዊልቸሩ እንደ ልብ የሚሄድ መስሎት ነው። ነገሩ ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ክፍል በበዛ ቁጥር በርና ጠባብ ኮሪደር ይበዛል። ለዊልቸር ሁለት ሰፊ ክፍል ከሦስት ጠባብ ክፍል ይሻላል። ወንበሩ ዞሮ ለመመለስ ወለሉ ላይ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ዊልቸሩን አስወርጄ ሜትር አወጣሁ። ከጎማ ጎማ 62 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የነጠላው ቋጠሮ ልክ ነበር። ሆኖም ልጁን አስቀምጠን ስንለካ ሌላ ነገር አየን። ክንዱን ሰብስቦ መያዝ ስለማይችል ክርኑ ከጎማው ውጭ ይወጣል። በእርግጥ የሚያስፈልገው በር 75 ነበር፤ 80 ቢሆን ደግሞ ማንም ሳይጨነቅ ያልፋል። ስለዚህ ወንበሩን ባዶውን አትለኩ። ሰውየው ተቀምጦበት፣ እንደሚቀመጠው ሆኖ ለኩ።

ከዚያ ምድር ቤት መፈለግ ጀመርን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ችግር አለ። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ብሎኮች በአብዛኛው ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። መንገድ ዳር ባሉት ብሎኮች ምድር ቤቱ ለንግድ የተሸጠ ነው። ለመኖሪያ የሚሆነው ምድር ቤት ከውስጥ በኩል ያለው ነው፤ እሱም ጥቂት ነው፣ ሲገኝም ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ያሏቸው ሰዎች ቶሎ ይይዙታል። የ40/60 ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን፣ ካለም ነዳጅ የሚገዛለት መሆኑን ነዋሪዎቹን ሳትጠይቁ እንዳትገቡ። አንዱ ሕንፃ ውስጥ ጥበቃውን ስጠይቀው ሊፍቱ ከቆመ መቆየቱን ነገረኝ፤ የቤቱ ባለቤት ግን አላነሳልኝም ነበር።

አያት አካባቢ አንድ ምድር ቤት ተገኘ። ሁለት መኝታ፣ ንጹሕ፣ አከራዩም በስልክ ስለ ልጁ ነግሬው «ችግር የለም» ብሎኛል። ሁላችንም ደስ አለን። በዚህ ጊዜ ልጁንም ዊልቸሩንም ይዘን ሄድን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልታክት የምናገረው ምክር ይህ ነው፦ ቤቱ የሚፈለግለት ሰው ራሱ ይምጣ። ከሜትር ይልቅ እሱ ያሳያችኋል።

ከብሎኩ መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ምድር ቤት ሲባል ሁላችንም ከመሬት እኩል መስሎን ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ 16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድምሩ 48። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ሳይቸገር እንዲወጣ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ይህ የታወቀ መለኪያ ነው። ስለዚህ ወደ ስድስት ሜትር የሚጠጋ ራምፕ ሊሠራ ነው። ያ ቦታ ደግሞ የሁሉም ነዋሪ መተላለፊያ ነው፤ የነዋሪዎች ማኅበር ካልፈቀደ አከራዩ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ተሸክመን አስገባነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ግድግዳው የተተወለት ክፍት ቦታ 70 ነው፤ መቃኑ ሲቀነስ 62 ይቀራል፤ መዝጊያው ተከፍቶ ሲቆም ደግሞ ውፍረቱ የሚይዘው አለ፣ 58 ሆነ። መዝጊያውን ብንነቅለው እንኳ ጎማው መቃኑን እየፋቀ ነው፣ ክርኑ ጨርሶ አይገባም። በር ስትለኩ ከመቃን እስከ ተከፈተው መዝጊያ ለኩ፤ አናጺ የሚነግራችሁ ቁጥር ሌላ ነው።

አባትየው ግን ደክሞታል። «እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ይሄንንም እንዳናጣው» አለ። እናትየውም አንገቷን ደፋች። ለመታጠቢያ ቤት ብቻ ታነሳዋለች፣ ሌላው ይቃለላል የሚል ነገር መነጋገር ጀመሩ። ወገቧ ግን የታመመው በዚያው ማንሳት ነው።

ልጁ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ መስኮቱን ያያል። መስኮቱ የሚያሳየው የቀጣዩን ብሎክ ግድግዳ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም እሱን አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጎንበስ ብዬ «አንተስ? እንዴት አየኸው ቤቱን?» አልኩት። እናቱ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ እሱ ራሱን ነቀነቀባት። ቃሉ እስኪወጣ ሁላችንም ጠበቅን። «ሰው አይታይም» አለ።

አባቱ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። ልጁ ቀስ እያለ ሌላም ነገር ነገረው፤ የድሮው ሠፈራቸው ውስጥ፣ ሕፃን ሳለ፣ ግቢ በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ያይ እንደነበር። ያንን ነው የፈለገው። ያን ቀን አባትየው ሴራሚክና ካቢኔት ማንሳቱን ተወ። ቤቱንም ተውነው።

ሌሎቻችሁም ይህን ሳትጠይቁ እንዳትቀሩ። በእግሩ የማይሄድ ሰው የሚኖረው ከመስኮቱ በሚያየው ነው ማለት ይቻላል። ቤቱ በልክ ሁሉ ተስማምቶ ልጁ ግድግዳ እያየ የሚውል ከሆነ፣ ከፍራሹ ተነስቶ ወንበር ላይ ከመሆን ሌላ ያገኘው የለም። አዛውንቶች ላይም ያው ነው። አንድ ሽማግሌ ልጆቻቸው የተከራዩላቸውን ውብ አፓርታማ ትተው ወደ ድሮ ሠፈራቸው እንዲመልሷቸው ሲለምኑ አይቻለሁ፤ ዕድራቸውም፣ ሰላም የሚላቸውም ሰው እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮንዶሚኒየሙን ትተን የግቢ ቤት መፈለግ ጀመርን። የግቢ ቤት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ቆርቆሮ ነው፣ ሊሾ ነው፣ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው ይላሉ። ለዊልቸር ግን ሊሾ ወለል ጥሩ ነው፤ የሴራሚክ መጋጠሚያ የለውም። ኮተቤ ውስጥ ሠፈር መምረጥ ያስፈልጋል፤ ተራራው ሥር ስለሆነ ብዙው መንገድ ዳገት ነው፣ ኮብልስቶኑም ወንበሩን እያንቀጠቀጠ የልጁን ጀርባ ያሳምመዋል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ብዙ ያልገባ፣ መንገዱ ሜዳ የሆነውን ብቻ ነበር የማየው።

አንድ እናት ብቻቸውን ዋናውን ቤት ይዘው የሚኖሩበት ግቢ አገኘሁ። ከበሩ ቀጥሎ ሁለት ሰፋ ያሉ ክፍሎችና ትንሽ ማዕድ ቤት አሉት፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ የግቢው በር ሲከፈት መንገዱ ይታያል። ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ ተከራዮቹ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ናቸው። ትልቁ ልጅ አይራመድም፣ ዊልቸር ላይ ነው የሚውለው። እናቱ ቤት ናት። እንዲያዩት ላምጣቸው ወይስ ይቅር?»

ዝም ብለው ቆዩና «ይጮኻል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አንዳንዴ ሲከፋው ድምፁን ያሰማል። ሌሊት ግን ይተኛል።» ይህን እናትየውን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። አከራይ የሚፈራውን ነገር ሳትደብቁ መልሱ፤ የማያውቁትን ነው ሰዎች አብዝተው የሚፈሩት።

«ይምጡና እንይ» አሉኝ።

ሄድን። በሩ 82 ነው፣ ገባ። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ወጥ ብትሠራ ግቢው በሙሉ ይታያታል። ሮቶው የቆመው ከሽንት ቤቱና ከመታጠቢያው ግድግዳ ጎን ነው። ችግሮችም ነበሩ። በረንዳው ከግቢው 20 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የመታጠቢያው ቤት የላሜራ በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ወንበሩ ከገባ አይዘጋም። ሽንት ቤቱ መቀመጫ የለውም። እነዚህ ግን ሁሉም በጥቂት ብር የሚስተካከሉ ናቸው። አያት አካባቢ ያየነው ምድር ቤት ችግር የግድግዳና የጋራ መተላለፊያ ጉዳይ ነበር፤ ያንን ተከራይ አይነካውም። ቤት ስትመርጡ የትኛው እንከን በእናንተ አቅም እንደሚስተካከል፣ የትኛው እንደማይነካ መለየት ከሁሉ ይበልጣል።

ውሉ ላይ ጊዜ ወሰድን። ማስተካከያው በቃል ብቻ ከቀረ፣ በኋላ ያጣላል። ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ ተከራይ በራሱ ወጪ በረንዳው ላይ የሲሚንቶ ራምፕ ይሠራል፤ የመታጠቢያውን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት ያዞራል፤ የእጅ መያዣ ብረት ግድግዳው ላይ ይተክላል፤ ሲለቅ እንዲያፈርስ አይጠየቅም፣ ወጪውንም ከኪራይ አይቀንስም። የሮቶው ውሃ የጋራ መሆኑን፣ ልጁ በየቀኑ እንደሚታጠብም ለይተን ጻፍን፤ ውሃ ግቢ ውስጥ የሰው ልብ የሚያሻክር ነገር ስለሆነ። መብራቱ ቆጣሪ አንድ ነው፤ ውሃ ማሞቂያ እንደሚጠቀሙ ተነጋግረን ድርሻውን ተስማማን። ቅድሚያ ክፍያ የሁለት ወር ነበር፤ አዋጁ ከዚያ በላይ መጠየቅን አይፈቅድም። ውሉን ወረዳ ወስደን አስመዘገብን። አንዳንዱ አከራይ ማስመዝገቡን ይሸሻል። ራምፕ ለምትሠሩና ገንዘብ ለምታወጡ ግን ያልተመዘገበ ውል አይበቃችሁም።

ራምፑ ላይ ግንበኛው አንድ ሜትር ርዝመት ይበቃል አለ። ለ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚያስፈልገው 2 ሜትር ከ40 ነው ብዬ ብነግረውም አልተቀበለኝም፤ ሲሚንቶ ማባከን ነው አለ። ክርክሩን ትተን ረጅም ጣውላ አመጣንና አንዱን ጫፍ በረንዳው ላይ ጫንነው። መጀመሪያ አጭር አድርገን ልጁን እናቱ እንድትገፋው አደረግን፤ ወገቧን ይዛ ቆመች፣ ወንበሩም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከዚያ ጣውላውን ረዘም አደረግነው፤ በአንድ እጇ ገፍታ አወጣችው። ግንበኛው ያንን አይቶ ያለ ቃል ገመዱን ወጠረ። ሥራ ሳይጀመር በጣውላ ሞክሩት፤ የሚገፋው ሰው ራሱ ይግፋ እንጂ ጉልበት ያለው ወንድ አይሞክርላችሁ። ስፋቱንም ከ90 አታሳንሱ፤ ግራና ቀኙ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፣ ጎማው እንዳይወጣ።

የሽንት ቤቱን ነገር አናጺ መሐሉ የተቀደደ ወንበር ሠርቶ ፈታው። የመታጠቢያው በር መዞር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ በኋላ አስቸገረን። ግንበኛው ሥራው እንዲያምር ብሎ ራምፑን እንደ መስታወት አለስልሶት ነበር። በበጋው ምንም አልሆነም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ግን እናትየው ወንበሩን ይዛ ስትወርድ እግሯ ሸተት አለ፤ ብረቱን ይዛ ነው የተረፈችው። ግንበኛውን መልሰን ጠራነውና በመዶሻና በመሮ በአግድም መስመር እያወጣ አሻከረው። ከመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጠንካራ መጥረጊያ በአግድም ማስገረፍ ይበቃ ነበር፤ ወጪም የለውም። ራምፕ የምታሠሩ ሁሉ ይህን ለግንበኛው ሥራው ሳይጀመር ንገሩት፤ ከበረንዳው ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃም በቀጥታ ራምፑ ላይ እንዳይፈስ አሸንዳ አድርጉለት።